41 በግ ተረክቤ (ከመንዝ የሥራ ማስታወሻ)

መስከረም 12፣ 2015

አባባ ከትናንት ወዲያ አዲስ አበባ ሄዱ። ልባቸው ነው። ደረጃ ሲወጡ አይደለም፣ ከምድጃው ተነስተው በር እስኪደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይዟቸው ሄደ፣ ትንሹ ትምህርት ጀምሯል፣ እማዬ ቤቱን አትለቅም። እኔ ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እይዝ ነበር። ለሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ።

ዛሬ ማታ ጉረኖው በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እያሳለፍኩ ቆጠርኩ። 41 ናቸው። 23 እናት በግ፣ 2 አውራ፣ 5 ሙክት፣ 11 ግልገል። አባባ በቁጥር አያውቋቸውም፣ በመልክ ነው የሚያውቋቸው። ዳለቻዋ፣ ቦቃዋ፣ የቦቃዋ ልጅ፣ ጆሮ ቆራጣዋ። እኔ ደብተር ገዛሁ፣ 25 ብር። የመጀመሪያው ወጪ ይኸው።

መስከረም 15

አባባ በየጠዋቱ በጎቹን ሽቅብ ወደ ጋራው ነበር የሚነዷቸው። አርባ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ሣሩ አጭር፣ ንፋሱ ፊት ይልጣል። ከቤታችን በታች ደግሞ ጨፌው አለ፤ ጉልበት የሚደርስ ለምለም ሣር፣ ውኃው እዚያው፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። የልማድ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ የለመደውን መንገድ አይለቅም። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጨፌው።

መስከረም 28

ሆዳቸው ሞልቶ ነው የሚገቡት። እማዬ እንኳ «ወፍረዋል» አለች። ለአባባ በስልክ «በጎቹ ደኅና ናቸው፣ ጠግበው ነው የሚገቡት» አልናቸው። ደስ አላቸው። ረጅም ማውራት አይችሉም፣ ሐኪሙ ከልክሏቸዋል።

ለሱቁ ደውዬ ፈቃዴን አራዘምኩ። ያለ ደመወዝ።

ጥቅምት 20

ጠዋት ጉረኖውን ስከፍት ቦቃዋ አልተነሳችም። ሞታለች። ትናንት ማታ ከሌሎቹ ጋር ግጣ ነው የገባችው፣ አላሳለችም፣ አልተቅማጠችም። እባብ ነው አለ ጎረቤት። እባብ በዚህ ብርድ? አላመንኩም፣ ግን ሌላ የምለው አልነበረኝም። ጎትተን ገደል ጣልናት። ይሄ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ነው። ሳልከፍታት ጣልኳት።

ጥቅምት 24

ሁለተኛዋ። ይቺኛዋ ከትናንት ጀምሮ ወደ ኋላ ትቀር ነበር፤ ጎኗን ስነካት ትሸሻለች፣ ያመማታል። ማታ ሞተች። አጎቴ «ምች ነው» አለ። እንደገና ጣልናት።

ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ከአምስት በግ ትኩስ በጠጥ በፌስታል ይዤ ነበር። ባለሙያው በውኃ አጥቦ፣ አዝቅጦ በማይክሮስኮፕ አየው። «የጉበት ትል እንቁላል የለም። የሆድ ትል እንቁላል ትንሽ አለ» አለኝ። ያው አልቤንዳዞል ስጪ ተባልኩ። ከመድኃኒት መደብር ባለ 300 ሚሊ ግራም ኪኒን 20 ፍሬ ገዛሁ፣ አንዱ 9 ብር፣ ጠቅላላ 180።

ጥቅምት 27

የሰጠሁበትን መንገድ በዝርዝር ልጽፍ፣ ምክንያቱም ሁለት ነገር ነው ያበላሸሁት።

አንደኛው መጠኑ። 39 በግ፣ 20 ኪኒን። በጎቹ ትንንሽ ናቸው ብዬ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰጠሁ። የመንዝ በግ ትልቅ አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ለአንዱም ሳልመዝን ነው የከፈልኩት።

ሁለተኛው አሰጣጡ። መጀመሪያ ግማሹን ኪኒን አፋቸው ውስጥ ስከት እየተፉት አስቸገሩኝ። ከዚያ አንድ ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ። ኪኒኑን ፈጭቼ በውኃ በጥብጬ በሃይላንድ ጠርሙስ ማንቃረር። ጭንቅላቷን ሽቅብ አንጋጥጬ አፈሰስኩላት። ፈጥኖ አለቀ፣ ተደሰትኩ። ጆሮ ቆራጣዋ ግን ወዲያው ትን አላት፣ አፍንጫዋ አረፋ ደፈቀ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ውኃው ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል። በሽታ አይደለም፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።

ትክክለኛውን በኋላ ነው አጎቴ ያሳየኝ። በጓን በጉልበትሽ መሐል ትይዣለሽ፣ ጭንቅላቷ ከጀርባዋ እኩል ይሁን እንጂ አይንጋጠጥ። በአፏ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት በኩል ጣትሽን ታስገቢያለሽ። ኪኒኑን ከምላሷ ጉብታ ኋላ ታደርጊና አፏን ዘግተሽ ጉሮሮዋን ከላይ ወደ ታች ታሺያለሽ። ስትውጥ እጅሽ ላይ ይታወቅሻል። ከዚያ ምላሷን አውጥታ አፍንጫዋን ከላሰች ገብቷል።

38 ቀሩ።

ኅዳር 3

መድኃኒት ከሰጠሁ ሳምንት ሆነው። ዛሬ ደግሞ አንዲት ሞተች። የቦቃዋ ልጅ። 37።

አባባ ደወሉ። እማዬ ስልኩን ስትሰጠኝ በዓይኗ «እንዳትነግሪ» አለችኝ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። «በጎቹስ?» «ደኅና ናቸው አባባ።» «ዳለቻዋስ?» «እሷም ደኅና ናት።» ይህን ያህል ነው የተባባልነው። የት እንደማሰማራ አልጠየቁኝም። ደኅና ናቸው የተባለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ኅዳር 5

ሌላ እናት በግ። ጠዋት ስታጣጥር አገኘኋት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አለቀች። ከመሞቷ በፊት የዓይኗን ሽፋን ገልብጬ አይቼ ነበር። እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ከጤነኛዋ ጋር አስተያየሁ፣ የጤነኛዋ ቀላ ያለ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ደም ያነሰው ሰው ክሊኒክ ሲሄድ እንደዚያ ሲያዩት አይቼ ነው።

አሁን አልጣልኳትም። አጎቴን ጠርቼ ከፈትናት። ሆዷ ሲቀደድ ቀላ ያለ ውኃ ፈሰሰ፣ ደም ያለበት። ጉበቷ አብጧል፣ ጠርዙ ዶልዱሟል፣ ላዩ ላይ ምስጥ የበላው እንጨት ይመስል ቀይና ጥቁር መስመር በመስመር ሆኗል። ሲነኩት ይፈረካከሳል። አጎቴ ዕድሜውን ሁሉ በግ ያረደ ሰው ነው። «ጉበት ትል ቢሆን እኮ ሰፊ ቅጠል የመሰለው ትል በቱቦው ውስጥ ይገኝ ነበር» አለ። ቱቦዎቹን ቆረጥን፣ ምንም የለም። ተጠራጠርን።

ጉበቱን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን በዘንቢል አድርጌ ወደ ክሊኒኩ ወረድኩ። ሰዉ መንገድ ላይ «ሥጋ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል።

ባለሙያው ጉበቱን በስሱ ከታትፎ ሳህን ላይ ውኃ ውስጥ ጨመቀው። ትንሽ ቆይቶ «ነይ እይ» አለኝ። ውኃው ውስጥ ሩዝ የሚያክሉ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ያነሱ፣ ነጣ ያሉ ቅጠል መሰል ነገሮች። ብዙ ናቸው፣ መቁጠር አቃተኝ። የጉበት ትል ጫጩቶች ናቸው።

ያስረዳኝን በራሴ አነጋገር ልጻፈው፣ ለሌላም ሰው ይጠቅማል። በጉ ትሉን ከሣር ጋር ይበላዋል፣ ትሉም አንጀት በስቶ ወጥቶ ጉበት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ለሳምንታት ጉበቱን እየፈለፈለ ይጓዛል። የሚገድለው በዚህ ጊዜ ነው፣ ብዙ ከሆነ ጉበቱ ውስጥ ለውስጥ ይደማል። ወደ ሐሞት ቱቦው ደርሶ አድጎ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ነው። ስለዚህ እኔ በጠጡን ያስመረመርኩት ትሎቹ እንቁላል ሳይጥሉ ነበር። ምርመራው አልተሳሳተም፣ ጊዜው ነው ያልደረሰው። አልቤንዳዞልም ያደገውን ትል እንጂ ጫጩቱን አይነካም። የሰጠሁት መድኃኒት ሙሉ ቢሆን እንኳ በዚያ ሳምንት ምንም አያድንም ነበር።

«የት ነው የሚግጡት?» አለኝ። «ጨፌው ላይ።» «ከመቼ ጀምሮ?» «ከመስከረም አጋማሽ።» ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

36።

ኅዳር 6

በጎቹን ወደ ጋራው መለስኩ። ሽቅብ ስንወጣ ደካሞቹ ሁለት ጊዜ ተኙብኝ።

ከሰዓት ብቻዬን ጨፌው ዳር ሄጄ ጭቃውን ፈተሽኩ። ባለሙያው ቀንድ አውጣ ፈልጊ ብሎኝ ነበር። ትልቁን ስፈልግ ቆየሁ፣ ያ አይደለም። የኮቴ ዱካ ውስጥ ውኃ የተኛበት ጭቃ ላይ ጎንበስ ስል የምስር ፍሬ የሚያክሉ፣ ቡናማ፣ ጫፋቸው ሹል የሆነ ትንንሽ ቅርፊቶች አየሁ። ሁለት እጅ በምታክል ቦታ 14 ቆጠርኩ። ትሉ ክረምቱን እነሱ ውስጥ ይራባና ወጥቶ ሣሩ ላይ ይለጠፋል። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ ሲያምር፣ ያኔ ነው አደገኛው። እኔ በዚያች ሳምንት ነው በጎቹን ያወረድኩት።

ኅዳር 8

አባባ ተመለሱ። ከስተዋል፣ ግን እግራቸው ላይ የነበረው እብጠት ጎድሏል። ብርድ፣ ዳገትና ጨው ተከልክለዋል። ምድጃው አጠገብ መደብ አነጠፍንላቸው። እንግዳው ሲወጣ በቀስታ «ስንት ሞተ?» አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም። መንገድ ላይ ከመኪና ሲወርዱ ነው ጋራው ላይ ያዩዋቸው፣ ከሩቅ ቆጥረዋቸዋል።

«አምስት» አልኳቸው።

«ጨፌ አውርደሻቸው ነበር?»

«አዎ አባባ።»

ዝም አሉ። ቆይተው «እስከ ታኅሣሥ ጨፌ አይገባም። ጭቃው እስኪሰነጠቅ። አባቴም እንዲህ ነበር» አሉ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ጨፌ በግ ይበላል» ብቻ ነው የሚሉት። ስለ ቀንድ አውጣው ነገርኳቸው፣ ሰምተውት አያውቁም። በስልክ አንድ ጊዜ እውነቱን ነግረናቸው ቢሆን ኖሮ ጥቅምት ላይ ይህችን አረፍተ ነገር እሰማ ነበር። እማዬም ይህን አስባ ነው መሰለኝ ወጥታ እንጨት ፈለጠች።

ኅዳር 10

ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው ነው ጫጩቱንም የሚገድለው። እዚህ አላገኘሁም፣ ደብረ ብርሃን ሄጄ ገዛሁ። ትራንስፖርት ደርሶ መልስ 440፣ ምሳ 80፣ ባለ 250 ሚሊ ግራም ኪኒን 40 ፍሬ በ28 ብር፣ 1,120። ድምሩ 1,640 ብር። ከሱቁ ያጠራቀምኩት ነው።

አሁን መዘንኩ። ከእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋስኩ፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን። ማዳበሪያ ከረጢት ለአራት እግር በስቼ በጓን እዚያ ውስጥ አንጠልጥዬ ከማገር ላይ ሰቀልኩ። የመጀመሪያዋ ከነከረጢቱ ወደቀች፣ ገመዱ ላልቶ ነው። ከዚያ ለመድን። እናት በጎቹ ከ21 እስከ 27 ኪሎ፣ ትልቁ ሙክት 38።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የትሪክላቤንዳዞል መጠን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለ25 ኪሎ በግ አንድ ኪኒን ልክ ይመጣል። ለ38 ኪሎው ሙክት አንድ ተኩል። ጥቅምት ላይ የሰጠሁትን አልቤንዳዞልም ወደ ኋላ ተመልሼ አሰላሁት። ለጉበት ትል በኪሎ 7.5 ያስፈልጋል፤ ግማሽ ኪኒን 150 ነው፣ ለ38 ኪሎ በኪሎ 4 እንኳ አይሞላም። ያደገ ትል ቢኖርም አይሞትም ነበር።

አንድ ችግር መጣ። ባለሙያው «ይህን የወሰደ በግ ሁለት ወር ገደማ አይታረድም» ብሎኛል። አምስቱ ሙክት ለገና ገበያ ነበሩ። ገና ከሃምሳ ቀን በኋላ ነው። አጎቴ «ለሙክቶቹ አትስጪ፣ ወፍራም ናቸው፣ ማን ያውቃል» አለ። አባባ «ለሰው ልታበዪው ነው?» አሉ። ሰጠኋቸው። ገና አለፈን።

ኅዳር 19

አንዲት ደካማ የነበረች ኅዳር 13 ሞተች። ጉበቷ ከዚያ በፊት አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም። 35።

የሞቱትን አሁን እንቀብራለን። ቀድሞ ገደል ስንጥል ውሻው ይጎትተው ነበር። አባባ የበግ ጭንቅላትም ለውሻ እንዳይሰጥ ይላሉ፣ አዙሪት ያመጣል ብለው። እዚህ ላይ ከክሊኒኩ ጋር ይስማማሉ፣ የአዙሪቱ ትል እንቁላል በውሻ ነው ወደ ሣሩ የሚመለሰው።

ታኅሣሥ 14

ጨፌው የጋራ ነው፣ ብቻዬን ላጥረው አልችልም። ያደረግኩት የእኛን ድርሻ ሣር ማጨድ ነው። ሁለት ሰው ቀጠርኩ፣ ለሦስት ቀን፣ በቀን 200 ብር፣ 1,200። ትሉ እርጥብ ድርቆሽ ላይ ለወራት ይቆያል፣ በፀሐይ በደንብ ከደረቀ ግን ይሞታል። ስለዚህ ወዲያው አልከመርኩትም፣ ጋራው ሥር ዘርግቼ እያገላበጥኩ አደረቅሁት። እስከ የካቲት አልነካውም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። በጎቹ ለመጠጣት ሲወርዱ ያንኑ ጭቃ ዳር ይግጣሉ። አሮጌ በርሜል ለሁለት አስቆርጬ፣ 350 ብር፣ ጋራው መንገድ ላይ አስቀመጥኩ። ከምንጩ በጄሪካን በአህያ እንሞላለን። የመጀመሪያው ሳምንት አልጠጡም፣ ይፈሩታል። ትንሽ ጨው ከዳሩ ስንነሰንስ ለመዱ።

ጥር 22

ዳለቻዋ ማታ ስትገባ አገጯ ሥር ከረጢት የመሰለ እብጠት አየሁ። ስጫነው ውኃ ነው። ጠዋት ሳያት ጎድሏል። ማታ እንደገና። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ውኃው ይወርዳል፣ ሌሊት ስትተኛ ይጎድላል። አባባ ከመደቡ ላይ ሆነው «እሱ ያረጀው ነው» አሉ። ያረጀው ማለታቸው ያደገው ትል ነው። ኅዳር ላይ መድኃኒቱን ስሰጥ ገና በጣም ትንንሽ የነበሩት ተርፈው፣ ወይም ከዚያ በኋላ ለውኃ ሲወርዱ የገቡ ይሆናሉ።

በጠጥ ወሰድኩ። አሁን እንቁላል ተገኘ። ወርቃማ፣ ሞላላ፣ አንድ ጫፉ ክዳን ያለው። ባለሙያው ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝና እኔም አየሁት።

ያደገ ስለሆነ አልቤንዳዞል ይበቃል፣ ግን ሙሉ መጠን፣ በሚዛን። ከ35ቱ፣ ሙክቶቹን ጨምሮ፣ 31ዱን ሰጠሁ። አራቱን ተውኩ። በቅርብ በአውራው የተጠቁ ናቸው፣ ይህ መድኃኒት በመጀመሪያው ወር ጽንስ ይጎዳል። ደብተሬ ላይ ቀኑን ስለጻፍኩ ነው ያወቅኩት። 25 ብሩ ደብተር ዋጋውን መለሰ። አራቱን ከወር በላይ ቆይቼ ሰጠኋቸው።

መጋቢት 6

ዳለቻዋ ወለደች። መንታ። አንዱ ደካማ ነው፣ የእናቱን የመጀመሪያ ወተት አልቤ በጡጦ ሰጠሁት። አባባ አስመጡልኝ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ አቀፉት። ሐኪሙ ብርድ ከለከለ እንጂ ግልገል አልከለከለም አሉ።

ሚያዝያ 5

ፋሲካ ሚያዝያ 8 ነው። ሦስት ሙክት ሸጥኩ፦ 7,500፣ 7,200 እና 6,800፣ ድምር 21,500። ከገና በኋላ ፉርሽካና ፋጉሎ 2,900 ብር በልተዋል። ነጋዴው መጀመሪያ ወደ አጎቴ ነበር የሚደራደረው። አጎቴ «ባለቤቷ እሷ ናት» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ነጋዴው ወገባቸውን ጨብጦ ላታቸውን አንስቶ «አምስት ሺህ» አለኝ። ክብደታቸውን ከደብተሬ አነበብኩለት። ሳቀ፣ ግን ጨመረ።

የሞቱት ስድስቱ፣ አንዷን በ4,000 ባስባት እንኳ 24,000 ብር ናቸው። የፋሲካው ሽያጭ ያንን አልሸፈነም።

ሰኔ 3

ዝናቡ ጀመረ። ጨፌው ውኃ ቋጥሯል። ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ አጎቴና እኔ የድንጋይ ካብ እየደረደርን ነው፣ ሃያ ክንድ ያህል ቀርቶናል። በጎቹ ከጉረኖ ሲወጡ ወደ ታች ማየት ይወዳሉ፣ ለሁለት ወር የበሉትን አልረሱም።

የጎረቤት ልጅ አሥራ ሁለት በግ እየነዳ በካቡ ክፍተት በኩል ሊወርድ ሲል አስቆምኩት። «አባቴ ውረድ ብሎኛል፣ ሣሩ እዚያ ነው» አለኝ። እጁን ይዤ ጭቃው ዳር ወሰድኩትና ጎንበስ በል አልኩት። ሦስት አገኘ። አንዱን በምላሱ ሊነካው ሲል በጥፊ አልኩት እጁን። ከዚያ በጎቹን ወደ ጋራው አዞረ፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ማታ ለአባቱ ልነግር እሄዳለሁ፣ አባባ አብሬሽ ልሂድ ይላሉ፣ ዳገት የለውም እያሉ።

የዘንድሮ ግዢ፦ ትሪክላቤንዳዞል 50 ፍሬ፣ ለጥቅምት መጨረሻ። ሚዛኑ የራሴ ይሁን፣ 900 ብር ተባልኩ፣ ልከራከር።